«እማየ ምጭ» የሚል ልጅ ምን እየነገረን ነው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ድሮ ‹ነይ› ነበር የሚለኝ፣ አሁን ሦስት ዓመት ሲሞላው ‹እማየ ምጭ› ይለኝ ጀመር፣ ቋንቋው ወደኋላ እየሄደ ነው መሰለኝ»

በፍጹም! ይችን ነገር ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና ከስንት እናት ሰምቸ ታክቶኛል፣ ብሶ ደግሞ ተምረናል የሚሉ ሰዎች «ንግግሩ ዘግይቷል» እያሉ እናቲቱን ሲያስደነግጧት ሳይ ያንገበግበኛል። የልጆችን ንግግር እየቀዳሁ፣ እየጻፍኩ፣ እየቆጠርኩ ነው የምውለው፣ እና በግልጽ ልናገር፦ ይሄ ልጅ ትናንት ያልነበረው እውቀት ነው ዛሬ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ላይ ትእዛዝና ክልከላ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት። ብላ አትብላ፣ ሂድ አትሂድ፣ ስጥ አትስጥ፣ ንካ አትንካ፤ ለሴት ስትል ደግሞ ብይ አትብይ፣ ሂጅ አትሂጅ፣ ስጭ አትስጭ። «መጣ» ላይ ስትደርስ ግን ክልከላው ደንቡን ጠብቆ «አትምጣ» «አትምጭ» ይልና ትእዛዙ ከየት መጣ በማይባል ሌላ ቃል «ና» እና «ነይ» ይሆናል። በዚያ ላይ ለትልቅ ሰው «ይምጡ» ነው፣ ለሩቅ ሰው «ይምጣ» «ትምጣ» ነው፣ «አምጣ» «አምጭ» ውስጥም ያው «ምጣ» «ምጭ» ተቀምጧል። እንግዲህ ልጁ ቀኑን ሙሉ «ምጣ»ን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ይሰማዋል፣ ብቻውን ቆሞ ግን ከአዋቂ አፍ ሰምቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ «ነይ»ን እንዳለ ነው የሚይዛት፣ እንደ ስም፣ ከ«መጣች» ጋር ዝምድና እንዳላት እንኳ አያውቅም፣ ስለዚህ አይሳሳትም። ቆየት ብሎ ግሶቹ ሲበዙለት ሥርዓቱ ይገባዋል፣ ማለትም ከሥሩ ተነስቶ ትእዛዝ መሥራት ይችላል። ከዚያ በኋላ «ነይ» በቶሎ አልመጣለት ሲል ዝም አይልም፣ በደንቡ ሠርቶ «ምጭ» ይላል። ስህተቱ የሚመጣው ደንቡን ካወቀ በኋላ ስለሆነ ነው ላዩን ሲያዩት ወደኋላ የሄደ የሚመስለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ይሄ በደንብ ተጠንቷል፣ በ1992 ጋሪ ማርከስ፣ ስቲቨን ፒንከርና ጓደኞቻቸው የ83 ልጆችን ንግግር ሰብስበው ደንብ የማይከተሉ ግሶች በኃላፊ ጊዜ የገቡባቸውን 11,521 ንግግሮች ሲያዩ፣ ከመጀመሪያው ስህተት በፊት ልጁ ትክክለኛውን ቅርጽ ብቻ እየተጠቀመ የሚቆይበት ረዘም ያለ ጊዜ አለ። ደግሞ ወላጆች ደጋግመው የማይጠሯቸው ግሶች ላይ ነው ስህተቱ የሚበዛው፣ ምክንያቱም በደካማው የተያዘ ቃል በሰዓቱ ካልታወሰ ደንቡ ቀድሞ ይገባል።

የእህቴን ልጅ በዚህ ዓይን እዩት። ወንድ ነው፣ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ «ና» እያለ ይጠራዋል፣ «ነይ» የሚለውን የሚሰማው ሌላ ሰው እናቱን ወይ እህቱን ሲጠራ ብቻ ነው። እና ወንድሙን ሲጠራ «ና» ይላል ንቅንቅ የለም፣ እናቱን ሲጠራ ነው «ምጭ» የሚያመልጠው። የሰማውን ያህል ነው የያዘው፣ ያልያዘውን ነው የሠራው። የአንድ ልጅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሴት ልጅ ስትቀዱ በግልባጩ «ና» ላይ ታመነታ እንደሆነ ተከታተሉ፣ ግምቱ የሚፈተነው እንዲህ ነው።

«ከሰፈር ልጆች ለቅሞት ነው»

ከማን? የሰፈሩ ልጅስ ከማን ለቀመው? ልጅ የሰማውን ብቻ ቢደግም ኖሮ ጂን በርኮ በ1958 ፈጥራ ባመጣችው፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ስም ልጆችን ስትጠይቃቸው ብዙ ቁጥሩን መመለስ ባልቻሉ ነበር፣ መልሰዋል።

«‹ምጣ› ካለ ተሳስቷል፣ ስህተት ብለህ መዝግበው»

ይሄኛው የተማሪዎቻችን በሽታ ነው፣ ጽሑፉን ከፍተው «ምጣ» የምትለዋን ፊደል ይፈልጉና ያገኙትን ሁሉ ይደምራሉ። ልጁ «አምጣ» ሊል ፈልጎ «አ»ን ውጧት እንደሆነስ? ሁለቱም ላይ «ጣ» ላልታ ነው የምትነገር፣ በጆሮ ብቻ አይለዩም። እጁን ወደ ኳሷ ዘርግቶ ከሆነ «አምጣ» ነው፣ ወንድሙን እያየ ባዶ እጁን ከሆነ «ና» ለማለት ነው፣ ስለዚህ ቪዲዮ ከሌላችሁ ቢያንስ ስትቀዱ ልጁ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ጎን ላይ ጻፉ። ሌላው ደግሞ እናት አሁን «አትምጣ አልኩህ» ብላው ከሆነና እሱ ጫፉን ይዞ «ምጣ» ካለ፣ ያ መድገም ነው፣ ከቆጠራው ይወጣል።

አጻጻፉም ቀላል ነው፣ ብሪያን ማክዊኒና ካትሪን ስኖ በ1984 የጀመሩት ቻይልድስ የሚባለው የልጆች ንግግር ማኅደር በሚጠቀምበት አጻጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

```
*MOT: ቡናውን ላፍላ ቆይ .
*CHI: እማየ ምጭ [: ነይ] [*] .
%act: የእናቱን ቀሚስ ይጎትታል
```

MOT እናቱ ናት፣ CHI ልጁ ነው። ልጁ ያለው እንዳለ ይቀመጣል፣ ሊል የነበረው በቅንፍ ይገባል፣ ኮከቧ ስህተት መሆኑን ታሳያለች፣ የመጨረሻው መስመር ደግሞ «አምጭ» አለመሆኑን ያስረዳል። «ነይ» ብላችሁ አርማችሁ ከጻፋችሁት ግን መረጃው ጠፋ ማለት ነው፣ ስንት ቅጂ እንዲህ ተበላሽቶ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ በጣም የምወደው ፈተና ነው። ልጁ «ምጭ» ስላለ ብቻ ከሥር ተነስቶ ትእዛዝ እየሠራ ነው አይባልም፣ ምናልባት ከ«አትምጭ» ላይ «አት»ን ቆርጦ ጥሎ ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው በ«ተ» የሚጀምር ግስ ነው። «አትቀመጥ» ላይ «ተ» የለችም፣ «ተቀመጥ» ላይ ግን አለች፣ እንዲሁም «አትነሳ» እና «ተነስ»። ልጁ ቆራጭ ከሆነ «ቀመጥ» እና «ነሳ» ማለት አለበት፣ «ተቀመጥ» «ተነስ» እያለ «ምጭ» ካለ ግን መቁረጥ አይደለም፣ እውነትም ሥርዓቱን ይዞታል። «ቀመጥ» ቢል እንኳ አትቸኩሉ፣ ትንንሽ ልጆች የቃል መነሻ ይውጣሉ፣ «ተቀመጠ»ንም «ቀመጠ» የሚል ከሆነ ነገሩ የድምፅ እንጂ የትእዛዝ አይደለም። የእህቴ ልጅ «ተቀመጭ» ብሎ ነው እናቱን የሚያዝ።

«‹በልቸ› ‹ሰምቸ› ይላል፣ ይሄም ስህተት ነው»

አይደለም። እናቱም፣ አያቱም፣ እኔም እንደዚያ ነው የምንል። የልጅ ስህተት የሚለካው በዙሪያው ባሉ አዋቂዎች ንግግር ነው እንጂ በአዲስ አበባ ሬዲዮ አይደለም።

«ሁልጊዜ ነው እኮ የሚሳሳተው!»

ሁልጊዜ የሚመስለው አስቂኙ ስለሚታወስ ነው። አሥሬ «ነይ» ሲል ጆሮ የሚሰጠው የለም፣ አንዴ «ምጭ» ሲል ግን ጎረቤት ሳይቀር ቡና ላይ ያወራዋል። ለዚህ ነው የእናት ማስታወሻ ስህተቱ መኖሩን ለማሳየት እንጂ ብዛቱን ለመናገር የማይሆነው።

ብዛት ከፈለጋችሁ በምን እንደምታካፍሉ እወቁ። እንበልና አንድ ቅጂ ላይ «መጣ» በሁሉም ቅርጹ 40 ጊዜ አለ፣ «መጣች»፣ «ይመጣል»፣ «አትምጭ» ምናምን ተደምሮ። ከነዚያ ውስጥ ሰው ለመጥራት የተባለው 10 ነው፣ 9ኙ «ና» ወይ «ነይ»፣ 1 «ምጭ»። ትክክለኛው ስሌት 1 ለ10 ነው፣ ማለትም 10 ከመቶ፣ ምክንያቱም ሊሳሳት የሚችልባቸው ቦታዎች እነዚያ 10ሩ ብቻ ናቸው። ለ40 የሚያካፍል ሰው 2.5 ከመቶ ያገኝና ስህተቱን በአራት እጅ ያሳንሰዋል። እነማርከስ በእንግሊዝኛው ያገኙት መካከለኛ ቁጥርም በአጋጣሚ ያው 2.5 ከመቶ ነው፣ እነሱ ግን ያካፈሉት በትክክለኛው መንገድ ነው።

እሱንም ቁጥር በደፈናው አትውሰዱት። ማይክል ማራትሶስ በ2000 እንደተከራከረው አማካይ ላይ በጣም የተለመዱት ጥቂት ግሶች ሌላውን ሁሉ ይውጡታል፣ ብዙ የማይነገረውን ግስ ለብቻው ስታዩት ስህተቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። ልጅ ከልጅም ይለያያል፣ ኤብ ተብሎ በጥናቱ የሚታወቀው ልጅ ወደ 24 ከመቶ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ግስ በግስ ቁጠሩ፣ «ና»ን ለብቻ፣ «ነይ»ን ለብቻ።

ደግሞ «ቀድተን ምንም ስህተት አላገኘንም» የሚሉ አሉ። ስንት ጥሪ ቀዳችሁ? የልጁ እውነተኛ መጠን 5 ከመቶ ቢሆን፣ 10 ጥሪ ብቻ ይዛችሁ አንድም ስህተት የማታገኙበት ዕድል 60 ከመቶ ነው። ቢያንስ አንዷን በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ለመያዝ 59 ጥሪ ያስፈልጋል፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ቀድቶ ይሄን ቶሎ ማግኘት ዘበት ነው። ጥሪ የሚበዛበትን ሰዓት ምረጡ፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ፣ ቡና ሲጠራ፣ ከብት ሲገባ።

«ወዲያው ካልታረመ እንደዚያው ይቀራል»

አይቀርም። «ነይ»ን በሰማ ቁጥር ትውስታው ይጠነክራል፣ የጠነከረ ቃል ደግሞ ደንቡን ይዘጋዋል፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው መስማት ነው። «ምጭ አይባልም፣ ነይ በል» ብላችሁ አታስጨንቁት፣ ሰው ፊት አትሳቁበት፣ ሁለተኛ አይጠራችሁም። «እማየ ምጭ» ሲል «ነይ አልከኝ? መጣሁ» በሉትና ሂዱ። ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ እህቱን ስትጠሩ እሱ እየሰማ «ነይ» በሏት፣ እህቱ ዘንድ ስትልኩት «‹እማማ ይጠሩሻል፣ ነይ› በላት ለእህትህ» ብላችሁ መልእክት ስጡት፣ ቃሏን ራሱ ደጋግሞ እንዲናገራት። ልጁ ሲጠሩት የማይዞር፣ የሚሉትን የማይረዳ ከሆነ ወይም ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ከቃል የማያያይዝ ከሆነ ያኔ ባለሙያ ጋ ውሰዱት፣ በ«ምጭ» ግን ማንም ሐኪም ቤት አይሄድም።