ሞኖ፣ ፖሊ ወይስ ቲን ፊልም? ለትንሽ ጣሪያ የቱ ይሻላል
ሶላር ፓነል ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ «ይሄ ሞኖ ነው፣ ያኛው ፖሊ» ይሏችኋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ሲሊከን ነው። ሞኖክሪስታሊን ከአንድ ወጥ ክሪስታል የተቆረጠ ነው፣ መልኩም ጥቁር ነው። ፖሊክሪስታሊን ግን ቀልጦ የረጋ የብዙ ክሪስታሎች ስብስብ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሰማያዊ ሆኖ ልክ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አበባ አበባ ይላል፣ በየክሪስታሉ ድንበር ላይም ትንሽ ትንሽ ኃይል ይባክናል። ቲን ፊልም ደግሞ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ ንብርብር ነው። ሙቀት ብዙም አይጎዳውም፣ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

አሁን ጣሪያችሁ ላይ ጥላ የማያርፍበት 6 ካሬ ሜትር ብቻ አለ እንበል። በጠራ የቀትር ፀሐይ ካረፈበት ብርሃን 20 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሞኖ 1,200 ዋት ገደማ ይሰጣል፣ 16 በመቶውን የሚቀይር ፖሊ 960፣ 10 በመቶውን የሚቀይር ቲን ፊልም 600። ፓነሉ ሲግል ሁሉም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቦታ ለጠበበው ሰው እኔ ሞኖ ነው የምለው። ቲን ፊልም የሚያዋጣው ጣሪያው ክብደት የማይችል ሲሆን ነው፣ ያውም ፕላስቲክ ላይ የተሠራው።

ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ግን አትክፈሉ። ፓነሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ዋት በስፋቱ አካፍሉት። 1.7 ካሬ ሜትር ሆኖ 340 ዋት ካለ በካሬ 200 ነው፣ ጥሩ ሞኖ ነው። 150 አካባቢ ከወጣ ግን በሞኖ ዋጋ አትግዙት።