ሲንኩ ለምን ደጋግሞ ይዘጋል? ስለ ቅባትና ስለ ወጥ ቤት ቱቦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የፈላ ውሃ ካፈሰስኩበት ቅባቱ ቀልጦ ይሄዳል»

መቅለጡስ ይቀልጣል። ግን እስከ የት ይሄዳል? ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። የበሬና የበግ ሞራ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያም ቢሆን ሲንኩ ስር ያለውን ቅባት ለማቅለጥ ይበቃል። ችግሩ ቱቦው ግድግዳውን አልፎ ግቢ ሲወጣ ይጀምራል። እዚያ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጀበና ወይም አንድ ድስት ውሃ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ሙቀቱን ይጨርሳል። የቀለጠው ቅባትም እዚያው ረግቶ ይቀራል። ቀድሞ በእጅ የሚደረስበት የነበረው አሁን ሲሚንቶ ስር ገባ ማለት ነው።

አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት እንውሰድ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው እንበል። ከሲንኩ እስከ ግቢው ፖዘቶ 10 ሜትር አለ፤ ቱቦው ባለ 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ ነው። ዶሮ ወጥና ጥብስ የተሠራበት ድስት በየቀኑ ይታጠብበታል። በቱቦው ዙሪያ አንድ ሴንቲሜትር ቅባት ቢለጠፍ የቀረው ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ውሃው የሚያልፍበት ስፋት ወደ ሲሶ ወርዷል። የቡና አተላና የሩዝ ፍሬ እዚያ ቅባት ላይ ሲለጠፍ ቀሪው ይዘጋል። ለዚህ ነው ሲንኩ ድንገት የተዘጋ የሚመስለው። እንዲያውም ለሳምንታት ቀስ እያለ ሲወርድ ነበር፤ ልብ ያለው ሰው የለም እንጂ።

በነገራችን ላይ የፈላ ውሃ ደጋግሞ ሲፈስበት የፒቪሲ ሲፎን ይጣመማል፤ መገጣጠሚያውም ማንጠባጠብ ይጀምራል።

«ፈሳሽ ሳሙና በደንብ ካደረግሁ ቅባቱን ያጠፋዋል»

ሳሙና ቅባቱን በትንንሽ ጠብታ በትኖ ውሃ ውስጥ ያንሳፍፈዋል እንጂ አያጠፋውም። ወደ ታች ሲወርድ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሳሙናውም ይቀጥናል። ጠብታዎቹ መልሰው ይገናኛሉ፤ ቱቦው ላይም ይለጠፋሉ።

የሚሻለው ውሃ ከመክፈት በፊት ያለው ሥራ ነው። ድስቱ ላይ የቀረውን ቅባት በቁራጭ እንጀራ ወይም በወረቀት ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል። አያቶቻችን ድስት በአመድ ያሹት የነበረው ለዚህም ይጠቅማል፤ አመድ ቅባት ይጠጣል። ግን አመዱን እዚያው ደረቁን አራግፉት። ቱቦ ውስጥ ከገባ ከታች ይዘቅጣል። የሲንኩ አፍ ላይ ደግሞ ወንፊት ይኑር።

«ሲፎን አለን እኮ፣ ቅባቱን እሱ ይይዘዋል»

ሲፎኑ ውሃ የሚይዘው ሽታ እንዳይወጣ ነው። በጉብጠቱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ውሃ ከፖዘቶው የሚመጣውን መጥፎ አየር ይዘጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ቅባት ለማስቀረት ውሃው ረጋ ብሎ የሚቆይበት ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። ሲፎን ውስጥ ደግሞ ውሃ ሽው ብሎ ያልፋል።

ግን ሲፎኑ መዘጋቱ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ከስሩ ባልዲ አድርጉና ፍቱት። ሲፎኑ ተፈትቶ ከሲንኩ ውሃ እንደልብ ባልዲው ውስጥ ከወረደ፣ ሲፎኑም ባዶ ከሆነ፣ ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሲፎኑ ራሱ በግራጫ ቅባት ከታጨቀ አጥቦ መመለስ ይበቃል። ሲንኩ ሲወርድ ጉርጉር የሚል ከሆነም ራቅ ያለ ቦታ እየጠበበ ነው ማለት ነው።

«ሽቦ ገብቶለት ተከፈተ፤ አለቀ»

ሽቦው የሚሠራው ቀዳዳ ነው። ዙሪያውን የተለጠፈው ቅባት አለ። ያ ምግብ ቤት ሽቦ ካስገባ በኋላ ውሃው ጥሩ ይወርዳል፤ ከዚያ አዲሱ ቅባት በአሮጌው ላይ ይያያዝና ከመጀመሪያው ጊዜ ፈጥኖ ይዘጋል። ቱቦውን ከፖዘቶው በኩል በግፊት ውሃ ማጠብ ወይም ፈትቶ መፋቅ ነው ዙሪያውን የሚያጸዳው።

ኮስቲክ ሶዳ የሚጨምሩም አሉ። ሶዳው ከቅባት ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ የኬሚስትሪው ነገር ትክክል ነው። ግን ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ወደ ፊት አይሄድም። ከላይ ይቆምና ይሞቃል፤ አንዳንዴም እዚያው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጁና ዓይኑ ላይ ይፈናጠርበታል። ካልከፈተ ደግሞ ሰዉ አሲድ ይጨምርበታል። ይህ በጭራሽ አይደረግም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ፈልተው ወደ ላይ ይተፋሉ።

«በጾም ጊዜ ቱቦው ያርፋል»

ከቅቤና ከሞራ ያርፋል። ፈሳሽ ዘይት እንደ ቅቤ አይረጋም፤ ግን የሽሮ ዝቃጭ ይዞ ይለጠፋል። ቀዝቃዛ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነማ ጾሙም አያድነውም።

«የቅባት ማጥለያ ጉድጓድ ካሠራን ሁለተኛ አይዘጋም»

በደንብ ከተሠራና ከተጠረገ ብቻ። ቅባት ከውሃ ይቀላል፤ ውሃው ረጋ ካለ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ማጥለያው ይህን ጊዜ ነው የሚሰጠው።

የዚያን ምግብ ቤት እናስላ። ሲንኩ 50 በ40፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲሜትር ነው፤ 40 ሊትር ይይዛል። እስከ ሦስት ሩብ ተሞልቶ በአንድ ደቂቃ ቢወርድ 30 ሊትር በደቂቃ ማለት ነው። ጉድጓዱ 60 በ40 ሆኖ የውሃው ጥልቀት 50 ሴንቲሜትር ቢሆን 120 ሊትር ይሆናል። ውሃው በግምት አራት ደቂቃ ይቆያል፤ ለዚህ ሲንክ ጥሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መውጫው ላይ ነው። ግንበኛው መውጫ ቱቦውን ዝም ብሎ ከላይ ይተወዋል፤ ቅባቱም የሚንሳፈፈው እዚያው ስለሆነ ከውሃው ጋር ይወጣል። መውጫው በቲ ቅርጽ መገጣጠሚያ ወደ ታች ወርዶ አፉ ከወለሉ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ያኔ የሚወጣው መሃል ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። መግቢያውም ወደ ታች ይታጠፍ፣ ውሃው ወርዶ ቅባቱን እንዳይበጠብጠው። መግቢያው ከመውጫው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። የሽንት ቤት መስመር እዚህ አይገባም።

ቦታው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ ጥላ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ከራቀ ከሲንኩ እስከ ማጥለያው ያለው ቱቦ ራሱ ይዘጋል። አንድ ሙሉ በርሜል የፈላ ውሃ በአንዴ ከደፋችሁበት ደግሞ የተሰበሰበውን ቅባት አቅልጦ ይዞት ይወጣል። ሳሙና ሲበዛም እንዲሁ።

መቼ እንደሚጠረግ ለማወቅ ክዳኑን ከፍቶ ዱላ ማስገባት ነው። ከላይ የረጋው ቅባትና ከታች የዘቀጠው ተደምሮ የውሃውን ጥልቀት ሩብ ከደረሰ፣ እዚህ ጉድጓድ ላይ 12 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ጊዜው ደርሷል። የበዓል ሰሞን ቶሎ ስለሚሞላ ቀድማችሁ እዩት። ቅባቱን በጭልፋ ቀፍፉት፣ ከአፈር ወይም ከሰጋቱራ ጋር ቀላቅላችሁ ቅበሩት። መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ከተደፋ ቦዩ ይዘጋል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ወደ ጣና ይሄዳል። ከጠረጋችሁ በኋላ ጉድጓዱን በንጹሕ ውሃ ሙሉት፤ ባዶውን ከተተወ የመጀመሪያው ቅባት ወለሉ ላይ ይወርድና ሲሞላ በመውጫው በኩል ያመልጣል።