«እና» ወይስ «ወይም»፦ በሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ የሚፈጠር አሻሚነት ምንድን ነው?

በአንድ የውል አንቀጽ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሁኔታዎች ተዘርዝረው፣ ውጤቱ የሚከተለው ሁሉም ሲሟሉ ነው ወይስ አንዱ ሲሟላ የሚለው ከጽሑፉ ለይቶ የማይታወቅ ከሆነ፣ ዝርዝሩ አሻሚ ነው ይባላል። ጅማ ላይ በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ በደረቀ ቡና፣ አቅራቢና በገዢ መካከል በሚፈረም ውል ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ ሰፍሯል እንበል፦ «ገዢው እርጥበቱ ከ12 በመቶ የበለጠ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት እና የሻገተ ጀንፈል የመቀበል ግዴታ የለበትም።»

አቅራቢው 40 ኩንታል ጀንፈል ይዞ ይመጣል። ሲለካ እርጥበቱ 14 በመቶ ሆኖ ይገኛል፤ ድንጋይም ሆነ እንጨት ግን አልተቀላቀለበትም፣ ሻጋታም አልነካውም። ገዢው አልቀበልም ሲል አቅራቢው ውሉን ዘርግቶ፣ ሦስቱ ጉድለቶች በ«እና» ስለተያያዙ መመለስ የሚቻለው ሦስቱም በአንድነት የተገኙበት ጀንፈል ብቻ ነው ብሎ ይሞግታል። ገዢው በበኩሉ አንቀጹ ሦስት ዓይነት የማይፈለግ ጀንፈል ይዘረዝራል እንጂ ሦስት ጉድለት የተከመረበትን አንድ ጀንፈል አይደለም ይላል። የገዢው አባባል ከንግዱ ልማድ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ሆኖም ቋንቋው ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። ምክንያቱም በአማርኛ ገላጩ ሁሉ ከስሙ ቀድሞ ስለሚደረደር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈው «ጀንፈል» ሦስቱንም ገላጮች በአንድ ላይ ይሸከማቸዋል ወይስ ለእያንዳንዳቸው ይከፋፈላል የሚለውን የሚያሳይ ምልክት የለም። ስሙ ቢደጋገም፣ ማለትም «የበለጠ ጀንፈል፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ጀንፈል እና የሻገተ ጀንፈል» ቢባል፣ ሦስት ዓይነት መሆኑ ወዲያው ይለይ ነበር።

ብዙ አርቃቂዎች «እና»ን በ«ወይም» ተክተው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። በዚህ አንቀጽ ላይ እርማቱ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ሰው አንቀጹን ወደ አዎንታዊ አባባል ሲገለብጠውና «ወይም»ን እንዳለ ሲተወው ነው፦ «ገዢው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ያልበለጠ፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ወይም ያልሻገተ ጀንፈል ይቀበላል።» አሁን በደንብ የደረቀ ነገር ግን የሻገተ ጀንፈል ሳይቀር ተቀባይነት አለው የሚያሰኝ መንገድ ተከፍቷል። ለመመለስ አንድ ጉድለት ከበቃ፣ ለመቀበል የሁሉም ጉድለቶች አለመኖር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «አይቀበልም» ወደ «ይቀበላል» ሲዞር «ወይም»ም ወደ «እና» መዞር አለበት።

ይህ የጀማሪ አርቃቂ ስህተት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን 2024 በፑልሲፈር ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ በዚሁ ላይ ያጠነጠነ ነበር። ሕጉ ከዝቅተኛው የእስራት ወለል በታች መቀጣት የሚችለው ተከሳሽ በቀድሞ የወንጀል መዝገቡ «ሀ፣ ለ እና ሐ የሌሉበት» እንዲሆን ይጠይቃል። ተከሳሹ ሀ እና ለ ቢኖሩበትም ሐ ስለሌለበት ሦስቱ በአንድነት አልተገኙብኝም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ተከሳሹ ከእያንዳንዳቸው ነጻ መሆን አለበት ሲል ወሰነ። ዘጠኝ ዳኞች በአንድ «እና» ላይ ለሁለት ከተከፈሉ፣ በርክክብ ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ነጋዴዎች ባይስማሙ አያስገርምም።

እርማቱ ታዲያ ውጤቱን በመስተጻምሩ ላይ አለመጣል ነው። ቁጥሩን የሚናገር መግቢያ ይቀድማል፣ ዝርዝሩ ይከተላል፦

«ገዢው ከሚከተሉት ጉድለቶች አንዱ እንኳ የተገኘበትን ጀንፈል የመቀበል ግዴታ የለበትም፦
ሀ) እርጥበቱ ከ12 በመቶ መብለጥ፤
ለ) ባዕድ ነገር መቀላቀል፤
ሐ) መሻገት።»

የተፈለገው የሦስቱ በአንድ ላይ መገኘት ቢሆን ኖሮ «የሚከተሉት ሦስት ጉድለቶች በአንድነት የተገኙበትን» ይባል ነበር። መግቢያው ሥራውን ስለሚሠራ ከ«ለ» በኋላ መስተጻምር አያስፈልግም። በአንዳንድ ውሎች የሚታየው «እና/ወይም» ግን ከሁለቱ ንባቦች አንዱን ሳይመርጥ ሁለቱንም ስለሚያስገባ፣ ክርክሩን ከአርቃቂው ጠረጴዛ ወደ ዳኛው ከማሻገር ያለፈ ጥቅም የለውም።

የታረመውን አንቀጽ ለመፈተን አንድ ጉድለት ብቻ ያለበትን ጭነት በሐሳብ ማቅረብ ይበቃል። ምንም ጉድለት የሌለበት ወይም ሦስቱም ያሉበት ጭነት በሁለቱም ንባብ አንድ ዓይነት መልስ ስለሚሰጥ ስህተቱን አያጋልጥም። ያንን ባለ 14 በመቶ ጀንፈል ውሉን ላላረቀቀ ሰው ሰጥቶ «ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሰውየው መልስ ከመስጠቱ በፊት «እንዴት ማለታችሁ ነው?» ካለ አንቀጹ ገና አልታረመም።