ዳታ ሎገር ያለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ እና የሙቀት ልኬቱን ማመሳከር

ዳታ ሎገር ያለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሰው ሳይጠብቀው በየተወሰነ ደቂቃው የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ግፊት ወይም የዝናብ መጠን ለክቶ ከነሰዓቱ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ አለ፤ ትምህርት ቤቶችና ተመራማሪዎች ከጥቂት ክፍሎች ራሳቸው የሚገጥሙትም አለ። የዚህ ዳሰሳ ትኩረት በእጅ የሚገጠመው ጣቢያ፣ ከልኬቶቹም ሙቀቱ ነው። ሙቀት ቀላል ልኬት ይመስላል፤ ነገር ግን ስህተቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊመዘገብ የሚችለው እሱ ነው።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ሴንሰር ዲኤስ18ቢ20 ይባላል። በቀጭን የብረት ቱቦ ታሽጎ ከነገመዱ ስለሚሸጥ ውሃ ውስጥ ነክሮ ለመፈተሽ ይመቻል። አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና ከእውነተኛው ሙቀት ከ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደማይርቅ ነው። የሚያሳየው ቁጥር ግን በ0.0625 ዲግሪ እርከን ስለሚቀያየር፣ ብዙዎች የቁጥሩን ደቃቅነት ከትክክለኛነት ጋር ያምታቱታል። ሴንሰሩ ሦስት ሽቦ አለው፤ በመረጃውና በኤሌክትሪኩ ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ሬዚስተሩ ከተረሳ ወይም ሽቦው ከተነቀለ፣ ጣቢያውን በሚያንቀሳቅሰው አርዱዪኖ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ በተለመደው ፕሮግራም −127 የሚል ቁጥር ይመጣል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ወይም ሴንሰሩ ለክቶ ሳይጨርስ ሲነበብ ደግሞ 85 ይላል፤ በሙሉ ደቃቅነቱ ለአንድ ልኬት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋልና። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አማካይ ከመሠራቱ በፊት ማስወገድ ግድ ነው። ከአሥር ንባብ ዘጠኙ 20 ሆነው አንዱ −127 ቢሆን አማካዩ 5.3 ይወጣል። ይህ ደግሞ የቀዝቃዛ ሌሊት ሙቀት ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ማስቀመጫው አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ካርድ ነው። በየአሥር ደቂቃው አንድ መስመር ቢጻፍ በቀን 144 መስመር፣ በዓመት ከ2 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ይሆናል፤ ስለዚህ የቦታ ጥበት የለም። ፋይሉን የሚያበላሸው ካርዱ እየጻፈ ሳለ ኤሌክትሪክ መቋረጡ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ቀኑን ሙሉ ክፍት አለመተው ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር ከፍቶ፣ ጽፎ ወዲያው መዝጋት። እንዲህ ከተደረገ መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው።

ሰዓቱን የሚጠብቀው የራሱ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ ነው። ዲኤስ3231 የተባለው በዓመት የሚስተው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከቺፑ ይልቅ የአቆጣጠሩ ልዩነት ብዙ ያሳስታል፦ አንዱ መዝጋቢ በአገሩ ሰዓት፣ ሌላው በአውሮፓው ሲጽፍ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚጠበቀው ከፍተኛ ሙቀት በመዝገቡ ላይ ንጋት ላይ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ምንጊዜም ዓለም አቀፉን ሰዓት መጻፍ፣ ወደ አገሩ ሰዓት መመለሱን ግን ለንባብ ጊዜ መተው ይሻላል። ከታች ያለው መስመር የተመዘገበው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10፣ በአውሮፓው አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፤ ዓለም አቀፉ ሰዓት ከዚህ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 06:10 ተብሎ ተጽፏል። ከሰዓቱ ቀጥሎ ያለው የሴንሰሩ ጥሬ ንባብ፣ የመጨረሻው ደግሞ የታረመው ነው።

```
2025-03-14T06:10:00Z,20.31,20.03
```

ማረሚያው የሚገኘው ሴንሰሩን ከታመነ ቴርሞሜትር ጋር በማመሳከር ነው። የታመነ የሚባለው ውድ የሆነው ሳይሆን በሥነ ልክ ቤተ ሙከራ ተፈትሾ የስህተቱ መጠን በምስክር ወረቀት የተጻፈለት ነው። የሜርኩሪ ከሆነ፣ ዓምዱ መሃል ላይ አለመቆራረጡን ማየት፣ ዓይንን ከሜርኩሪው ጫፍ ጋር አስተካክሎ ማንበብና በላዩ ላይ ምልክት እስከተደረገበት ድረስ ብቻ መንከር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ነጥብ ዜሮ ዲግሪ ነው። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ደቅቆ ፔርሙስ ውስጥ ይሞላል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል። ጨው ያለበት ውሃ ነጥቡን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ከበረዶው ሥር ውሃ ብቻ ከቀረ ደግሞ፣ 4 ዲግሪ ያለው ውሃ ከሁሉም ስለሚከብድ፣ ታች ያለው ውሃ ከዜሮ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በረዶው እስከ ታች መድረስ፣ የሚጠራቀመውም ውሃ እየተቀነሰ በረዶ መጨመር አለበት። ሴንሰሩና ቴርሞሜትሩ ጎን ለጎን፣ ዕቃውን ሳይነኩ ይገባሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቁጥሩ ሲረጋ ይነበባል።

ለሁለተኛው ነጥብ የፈላ ውሃ የሚጠቀሙ አሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያም በላይ አየሩ ፈጽሞ የማይደርስበት ሙቀት ላይ ማስተካከል አይጠቅምም። ፔርሙስ ውስጥ 30 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ እያማሰሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል።

አንድ ሴንሰር በበረዶው ውስጥ 0.44፣ ቴርሞሜትሩ 30.00 ባለበት ውሃ ውስጥ ደግሞ 30.20 አነበበ እንበል። እውነተኛው ርቀት 30.00፣ የሴንሰሩ 29.76 ስለሆነ ሲካፈል 1.008 ይመጣል። ይህ በ0.44 ተባዝቶ የሚገኘው 0.444 ይቀነሳል፤ raw ጥሬው ንባብ፣ T የታረመው ሙቀት ነው፦

```
T = 1.008 * raw - 0.444
```

ከዚያ በስሌቱ ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ ነጥብ ይፈተሻል። ቴርሞሜትሩ 20.00 ሲል ሴንሰሩ 20.31 ካለ፣ ቀመሩ 20.03 ይሰጣል፤ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ልዩነቱ ከ0.1 ቢበልጥ ውሃው በደንብ አልተማሰለም፣ ወይም ንባቡ ሳይረጋ ተወስዷል ማለት ነውና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ውሃ ውስጥ በትክክል የሚያነበው ሴንሰር አየር ላይ ሊሳሳት ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ ከነካችው የሚለካው የራሱን የጋለ አካል እንጂ አየሩን አይደለም፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ስህተቱ ብዙ ዲግሪ ይደርሳል። ለዚህ ነው አየር የሚያሳልፍ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ ክንፍ መጠለያ የሚያስፈልገው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሴንሰሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይመክራል፤ ቦታው ሣር ያለበት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከሲሚንቶ የራቀ ይሁን።

የሴንሰሩን ስህተት ከመጠለያው ስህተት ለመለየት፣ የታመነውን ቴርሞሜትር ሌላ ጥሩ መጠለያ ውስጥ አጠገቡ ሰቅሎ ሁለት ጊዜ ማነጻጸር ይበቃል፦ አንዴ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አንዴ እኩለ ቀን ላይ። ልዩነቱ በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ ከሆነ ችግሩ ያለው ሴንሰሩ ወይም ማረሚያው ላይ ነው። ንጋት ላይ ተስማምተው ቀትር ላይ ብቻ ከተለያዩ ግን ጨረር እየገባ ነው፤ ያንን ምንም ቀመር አያርመውም፣ መጠለያው ነው የሚስተካከለው።

የበረዶው ፈተና በዓመት አንድ ጊዜ ቢደገም በገመዱ በኩል ውሃ የገባበትን ሴንሰር ያጋልጣል። ፋይሉ ላይ ጥሬው ንባብ ከታረመው ጎን ሁልጊዜ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ ማረሚያው ስህተት ሆኖ ሲገኝ የቆየው መዝገብ በአዲሱ ቀመር እንደገና ይሰላል።