ሰኔ 30 መዝገብ ሲዘጋ፦ ሁለት ሸሪኮች የሚሳሳቱባቸው አራት ነገሮች

«ትራያል ባላንሱ እኩል ከመጣ ሒሳቡ ትክክል ነው»

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ህትመት ቤት የከፈቱ ሁለት እህትማማቾች አሉ እንበል። ሐምሌ 1 ሲጀምሩ ታላቋ 200,000፣ ታናሿ 100,000 ብር አዋጥተው በገንዘቡ ማሽን ገዙ። ሰኔ 30 ላይ በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብ 88,000፣ ማሽን 300,000፣ ኪራይ 140,000፣ የሠራተኛ ደመወዝ 88,000፣ ወረቀትና ቀለም 84,000፣ ለግላቸው የወሰዱት 80,000 አለ። በክሬዲት በኩል ካፒታል 300,000 እና የዓመቱ ገቢ 480,000 ነው። ይህ የሁሉም ሒሳብ ቀሪ ዝርዝር ትራያል ባላንስ ይባላል። ሁለቱም ወገን 780,000 ይመጣል፤ ትርፉም 168,000 ይመስላል።

ግን ሦስት ነገር አልተነካም። ከኪራዩ ውስጥ 20,000ው የመጪው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ከወጪ ወጥቶ «ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» ይሆናል። የሰኔ ደመወዝ 8,000 ገና አልተከፈለም፤ ወጪውም ዕዳውም መመዝገብ አለበት። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ብለው ስላሰቡ የዘንድሮው የእርጅና ቅናሽ 60,000 ነው። እነዚህ ሲስተካከሉ ወጪው 360,000፣ ትርፉ (ግብርን ለጊዜው ትተን) 120,000 ይሆናል። ትራያል ባላንሱም እንደገና እኩል ነው፤ አሁን 848,000 ላይ። የመጀመሪያው እኩልነት የሚነግረን ዴቢትና ክሬዲት አብረው መመዝገባቸውን ብቻ ነበር። ጨርሶ ያልተመዘገበን ነገር ሊያሳይ አይችልም።

«ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ሒሳብ ዜሮ ይሆናል»

ዜሮ የሚሆኑት የዓመቱን እንቅስቃሴ የሚይዙት ብቻ ናቸው፦ ገቢ፣ ወጪ እና ድሮዊንግ፣ ማለትም ሸሪኮቹ ለግላቸው የወሰዱት። ለመዝጊያ ብቻ ኢንካም ሰመሪ የሚባል ጊዜያዊ ሒሳብ ይከፈትና አካሄዱ በአራት ምዝገባ ያልቃል።

1. ገቢን በ480,000 ዴቢት፣ ኢንካም ሰመሪን ክሬዲት።
2. ኢንካም ሰመሪን በ360,000 ዴቢት፤ ኪራይ 120,000፣ ደመወዝ 96,000፣ ወረቀትና ቀለም 84,000፣ የእርጅና ቅናሽ 60,000 እያንዳንዳቸው ክሬዲት።
3. ኢንካም ሰመሪ ላይ የቀረውን 120,000 ዴቢት አድርጎ ለሁለቱ ካፒታል ማካፈል።
4. የእያንዳንዷን ድሮዊንግ ክሬዲት፣ የራሷን ካፒታል ዴቢት።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እርጅናው ላይ ነው። የዓመቱ ወጪ ይዘጋል፤ ከማሽኑ ጋር የሚሄደው «የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ» ግን አይዘጋም፣ ለቀጣዩ ዓመት ይሻገራል።

«ብዙ ያዋጣ ብዙ ትርፍ ይወስዳል»

የሚወስነው ስምምነታቸው ነው። እነዚህ እህትማማቾች እኩል እንካፈላለን ብለው ስለተፈራረሙ ለእያንዳንዳቸው 60,000 ይደርሳል። የሒሳብ ሠራተኛው ሦስተኛውን ምዝገባ ከመጻፉ በፊት የመመሥረቻ ጽሑፉን ማንበብ አለበት።

«በየወሩ የወሰድነው ደመወዛችን ስለሆነ ወጪ ነው»

ይህኛው በሸሪኮች መካከል ቅሬታ የሚያመጣ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ታላቋ በዓመቱ 30,000፣ ታናሿ 50,000 ወስደዋል፤ ስለ ደመወዝ የተስማሙት ነገር የለም። ገንዘቡ ድሮዊንግ ሆኖ በትክክል ሲዘጋ የታላቋ ካፒታል 200,000 ሲደመር 60,000 ሲቀነስ 30,000፣ ማለትም 230,000 ነው። የታናሿ 110,000 ይሆናል።

80,000ውን ወጪ ብንለውስ? ትርፉ ወደ 40,000 ይወርዳል፤ ለእያንዳንዳቸው 20,000 ይደርሳል። የታላቋ 220,000፣ የታናሿ 120,000 ይሆናል። ድምሩ ያው 340,000 ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የወሰደችው እህት 10,000 ብር አጥታ ብዙ የወሰደችው አግኝታለች። ታናሿ በብልጫ የወሰደችው 20,000 የሁለቱም ወጪ ስለተባለ ግማሹን ታላቋ ከፈለችላት ማለት ነው። ስህተቱን የሚያጋልጥ ትራያል ባላንስ የለም፤ ከመዝጊያው በኋላ የሚወጣውም እኩል ይመጣል። የሚታወቀው የእያንዳንዷን ድሮዊንግ ሌጀር ከባንክ ወረቀትና ከደረሰኝ ጋር በማመሳከር ነው። ስለዚህ ለሁለቱ አንድ የጋራ ድሮዊንግ ሳይሆን ለየብቻ ሁለት ሒሳብ ይከፈት።

ከመዝጊያው በኋላ የሚዘጋጀው ትራያል ባላንስ አጭር ነው። በዴቢት ጥሬ ገንዘብ 88,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 20,000፣ ማሽን 300,000፤ በክሬዲት የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ 60,000፣ የሚከፈል ደመወዝ 8,000፣ የታላቋ ካፒታል 230,000፣ የታናሿ 110,000። በሁለቱም በኩል 408,000። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ገቢ፣ ወጪ ወይም ድሮዊንግ ከታየ አንዱ ምዝገባ ተዘልሏል። ሁለቱ ወገን ካልተገናኙ ደግሞ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ 84,000ው 48,000 ተብሎ እንደተጻፈ ዓይነት የቁጥር መገላበጥ ሊሆን ይችላል። ለ9 ካልሆነ ልዩነቱን ለ2 አካፍሉና ያንን መጠን ፈልጉ፤ በተሳሳተው ወገን የተጻፈ ሒሳብ ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋልና።