መርከብ ለምን ይንሳፈፋል፣ ድራፍቱስ ለምን ይቀያየራል?

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የጠየቃችሁት "ሚስማር እየሰመጠ የብረት መርከብ እንዴት አይሰምጥም?" የሚለውን ነው። ዋናው ነገር ብረት መሆኑ ሳይሆን ቅርጹ ነው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል የሚመዝን ውሃ ገፍቶ ቦታውን መያዝ ይችላል፣ ያን ያህል ውሃ እስኪገፋ ድረስ ይወርድና ይቆማል። ሚስማር ግን ሙሉ በሙሉ ገብቶም የሚገፋው ውሃ ከሱ በጣም ይቀላል፣ ስለዚህ ይሰምጣል።

ድራፍት ማለት ከውሃው ወለል እስከ መርከቡ ታች ያለው ጥልቀት ነው። እንደ ሳጥን ያለ 50 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋት ያለው ጀልባ እናስብ፣ ባዶውን 400 ቶን ነው እንበል። የጣና ዓይነት ጨው የሌለው ውሃ አንድ ሜትር ኩብ 1 ቶን ስለሚመዝን 400 ሜትር ኩብ መግፋት አለበት፣ ለ500 ካሬ ሜትር ሲካፈል ድራፍቱ 80 ሴንቲ ይሆናል። 600 ቶን እህል ሲጫንበት 2 ሜትር ይደርሳል፣ ማለትም በየ5 ቶኑ 1 ሴንቲ ይወርዳል።

ያው ጭነት ባህር ላይ ቢወጣ 1.95 ሜትር አካባቢ ነው፣ የባህር ውሃ በሜትር ኩብ 1.025 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ትንሽ ገፍቶ ይበቃዋል። መርከብ ጎን ላይ ጨው ለሌለው ውሃ የሚሆነው የጭነት መስመር F፣ በበጋ ባህር ላይ ከሚያገለግለው S ከፍ ብሎ የሚሳለውም ለዚህ ነው።

የተገፋው ውሃ ክብደት ከመርከቡ ጋር እኩል መሆኑ የትም አይለወጥም። በ1 ሴንቲ ስንት ቶን የሚለው ግን እንደ መርከቡ ቅርጽ ይለያያል፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ የፊቱና የኋላው ድራፍት አንድ አይሆንም፣ ስለዚህ ሁለቱንም አንብቡ።