«የአፈር ቀለም» ብቻ ማለት ለምን አይበቃም?

«ፊዴ ፈዘዝ ያለ የአፈር ቀለም ይሁን ካልኩ፣ በቃ፣ ግልጽ ነው»

እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ለማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችን ፎቶውን እኔ አነሳሁ፣ የጽሑፍ ፖስቶቹን አንድ ጓደኛዬ ሠራ። የእኔ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ሆነ፤ የእሱ ብርቱካን መሰለ። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፣ የአፈር ቀለም ሁለቱንም ያቅፋል።

አንድን ቀለም በቃል ለመያዝ ሦስት ነገር መባል አለበት፦ የቱ ቀለም እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደጠቆረ ወይም እንደነጣ፣ ምን ያህል እንደደመቀ ወይም እንደደበዘዘ። «ፈዛዛ» የሚለው ቃል ተንኮለኛ ነው። አንዱ የነጣ ይለዋል፣ ሌላው የደበዘዘ። መጠንም ይጨመርበት። የገጻችንን የቀለም ማስታወሻ እንዲህ አድርገን እንደገና ጻፍነው፦

«ከአሥር እጅ ስድስቱ ክሬም፣ ወደ ቢጫ ትንሽ ያዘነበለ። ሦስቱ የሸክላ ቡናማ፣ ጠቆርና ደብዘዝ ያለ፣ ብርቱካን የማይመስል። አንዱ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ። ንጹሕ ነጭና ድፍን ጥቁር አይገቡም።»

ብዙ የሠራችልን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ነጩ የጽሑፍ ፖስት ነበር ከክሬሙ ፎቶ አጠገብ ሲሆን ፎቶውን የቆሸሸ የሚያስመስለው።

«ኒዮን ማለት በጣም ደማቅ ቀለም ነው፤ ኒዮን ቲልና ማጀንታ ብዬ መርጫለሁ»

ከሥሩ ያለው ቀለምስ? ስክሪን ላይ ከነጭ በላይ የሚያበራ ነገር የለም። ስለዚህ ቲሉ፣ ያ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊ፣ ነጭ ላይ ሲቀመጥ ተራ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። ያው ቲል ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ላይ ሲሆን ያበራል። ማስታወሻው ከጨለማው ይጀምር፦ «ሰፊው ቦታ ጥቁር ሰማያዊ፤ ቲል ይመራል፣ ማጀንታ ጠርዝ ላይ ብቻ፤ ጽሑፍ በነጭ።»

ጽሑፍ በነጭ ያልኩት በምክንያት ነው። ማጀንታ ፊደል ቲል ላይ ሲጻፍ ጠርዙ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፣ ዓይን ያደክማል። ፖስቱን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ እዩት። ፊደሉ ከጠፋ ሁለቱ ቀለሞች በብርሃን እኩል ናቸው ማለት ነው።

«አንድ ፊልተር ሁሉም ላይ ካደረግኩ ፊዱ ራሱ ይስተካከላል»

ፊልተር ሁሉንም ፎቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል እንጂ ልዩነታቸውን አያጠፋም። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳውና በመስኮት ብርሃን የተነሳው፣ ከፊልተሩ በኋላም አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናሉ። መጀመሪያ በየፎቶው ነጩ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ዋይት ባላንሱን አስተካክሉ፣ ፊልተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«እያንዳንዱ ፖስት ሁሉንም ቀለም መያዝ አለበት»

የለበትም። መጠኑ የሚቆጠረው አብረው በሚታዩት ፖስቶች ላይ ነው፣ ለምሳሌ ዘጠኙ ላይ። ስክሪንሾት አንሱና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባ ካሬ ካለ፣ እሱን ከማስታወሻው ጋር አስተያዩት።